«እኔ አላከምኳቸውም»፦ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚጻፈው ገጽ ተኩል

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ለመሆን የሚያመለክት ወጣት የኮሌጅ ውጤቱንና የመግቢያ ፈተና ነጥቡን ካስገባ በኋላም አንድ ባዶ ሳጥን ይቀረዋል። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አምካስ የተባለው የጋራ ማመልከቻ፣ ለምን ሕክምና መማር እንደሚፈልግ በዚያ ሳጥን ውስጥ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። የሚፈቀድለት በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሳይቀር ተቆጥሮ 5,300 ፊደል ነው፤ ገጽ ተኩል ገደማ ይሆናል።

አገር ቤት ሕክምና ማን እንደሚገባ በዋናነት የሚወስነው የፈተናና የትምህርት ውጤት ነው። ስለዚህ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን በሒሳብና በኬሚስትሪ ሲያግዙ ኖረው፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ምን ብለው እንደሚመክሩት ይጨንቃቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነዘረው ምክር «ያደረግኸውን ጥሩ ነገር አጉልተህ ጻፍ» የሚል ነው። ልጁም ሆስፒታል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግል ያገኘውን አንድ ታካሚ ያስታውስና ያጎላል። ጽሑፉ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

አንዲት አመልካች እንውሰድ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ እንዲህ ባሉ ረቂቆች ውስጥ ደጋግመው ከሚታዩ ነገሮች ለማሳያ ያቀናበርኩት ነው። ልጅቷ የባዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በጎ ፈቃደኛ ሆና ታገለግላለች። ሥራዋ ብርድ ልብስ ማደል፣ የታካሚ ቤተሰቦችን ወደ ክፍላቸው ማድረስና ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት ነው። ለታካሚ ውኃ ለመስጠት እንኳ መጀመሪያ ነርሷን ትጠይቃለች።

በዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት በዕድሜ የገፉ ኢትዮጵያዊት እናት ራሳቸውን አዙሯቸው ይመጣሉ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስትለካ ስኳራቸው ዝቅ ብሎ ታገኘዋለች፤ ጭማቂ በኩባያ ሰጥታ እንዲጠጡ በእንግሊዝኛ ትነግራቸዋለች። እናትየው በአክብሮት ራሳቸውን ነቅንቀው «ኦኬ» ይላሉ። ነርሷም ወደ ሌላ ታካሚ ትሮጣለች። ልጅቷ ብርድ ልብስ ይዛ ስትገባ ኩባያው አልተነካም። በአማርኛ ሰላም ስትላቸው እጇን ይይዙና «ልጄ፣ የኛ ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ወዲያው ወጥታ ለነርሷ ሁለት ነገር ትነግራታለች፤ ጭማቂውን አልጠጡትም፣ የሚናገሩት ደግሞ አማርኛ ነው።

ነርሷ በሆስፒታሉ መስመር የሕክምና አስተርጓሚ በስልክ ትጠራለች። እናትየው «አትሂጂብኝ» ስላሏት ልጅቷ በነርሷ ፈቃድ አጠገባቸው ትቆያለች። ሐኪሟ ትገባና መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ጠዋት ወስደዋል። ከዚያ ምን እንደበሉ ትጠይቃለች። እናትየው ትንሽ ዝም ይሉና ጾም መሆኑን፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም እንደማይቀምሱ ይናገራሉ። የሚወስዱት ክኒን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያስገድድ ዓይነት ነው፤ ሰውየው ይብላም አይብላም ሥራውን ይሠራል፤ ሆዱ ባዶ ከሆነ ግን ስኳሩን አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርደው ይችላል። ሐኪሟ «ጾም ይተዉ» ብላ አልጀመረችም። አሁን ጭማቂውን ካልጠጡ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል በግልጽ አስረዳቻቸው። ከዚያ ጾሙ ስንት ቀን እንደቀረው፣ በየሰዓቱ ምን እንደሚመስል፣ ስለ ሕመማቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት ለመቀየር ወሰነች። በመጨረሻም ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲነግሯት አደረገች፤ ራስ መነቅነቅን እንደ መልስ አልተቀበለችም።

የልጅቷ ፈረቃ አለቀ፤ እናትየው በኋላ እንዴት እንደሆኑ አታውቅም።

የዚህች ልጅ የመጀመሪያ ረቂቅ በአማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይላል፦ «ጭማቂውን እንዲጠጡ አሳመንኳቸው። በሐኪሟና በእሳቸው መካከል አስተርጓሚ ሆንኩ። ያን ቀን ሕይወት ማዳን ምን እንደሆነ ገባኝ።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሦስቱም ከሆነው ነገር ርቀዋል።

አንባቢዋ ሐኪም ልትሆን እንደምትችል አመልካቿ ማሰብ አለባት። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ዝቅ ያለ ስኳርን ማን እንደሚያክም ያውቃል። እናትየው አንጠጣም ቢሉም በደም ሥር የሚሰጥ ስኳር ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ልጅቷ በጎነቷን የሚያሳይ መስሏት ጽፋዋለች፤ አንባቢዋ ግን የደኅንነት ጥሰት ታይበታለች። በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ታካሚዎች ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል። ሁለት ቋንቋ መናገር ብቻውን ብቁ አያሰኝም፤ የመድኃኒት መጠን ወይም ሰዓት ስቶ የሚያስተላልፍ ደግ ልጅ ታካሚ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «አስተረጎምኩ» ማለት ሐሰት ከሆነ የሐሰት ጉዳት አለው፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወሰኗን አለማወቋን የሚመሰክር ይሆን ነበር።

ማጋነን የሚጋለጥበት ቦታም አለ። በዚያው ማመልከቻ ሌላ ክፍል ውስጥ አመልካች እስከ 15 የሚደርሱ ሥራዎችንና አገልግሎቶችን ይዘረዝራል፤ ሚናውን፣ ሰዓቱን፣ ሊመሰክርለት የሚችል ሰው አድራሻ ጭምር ያስገባል። እዚያ «ብርድ ልብስ ማደል» ብላ፣ እዚህ ሕይወት አዳኝ ሆና ከቀረበች ሁለቱ ክፍሎች ይጣላሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «እንዲጠጡ ያሳመንሻቸው ምን ብለሽ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል።

እንግዲህ ምን ትጻፍ? እኔ የምለው ይህ ነው፦ ማድረግ ያልቻለችውን ትጻፍ። ልጅቷ ኩባያው ሙሉ መሆኑን አየች፤ ነገሩ ከጾም ጋር ሳይገናኝ እንደማይቀርም ገመተች። ግን ክኒኑ በባዶ ሆድ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም ነበር፤ ብታውቅም መድኃኒቱን የመቀየር ሥልጣንም ኃላፊነትም አልነበራትም። ሐኪሟ እናትየው የሚያከብሩትን ነገር ከክኒኑ ባሕርይ ጋር አስታርቃ ስትወስን፣ ልጅቷ የቆመችበትና የምትመኘው ቦታ በመካከላቸው ምን ያህል ርቀት እንዳለ አየች። ሕክምና ለመማር የፈለገችው ያንን ርቀት ለማቋረጥ ከሆነ፣ ምክንያቷ እሱ ነው። ሚናዋን አጋንና ከጻፈች ርቀቱ ይጠፋል፤ ቀድማ ማዳን ከቻለች ትምህርቱ ለምን ያስፈልጋታል?

ሁለተኛው ረቂቅ በዚህ መንገድ ሲጻፍ ግሦቹ ይቀየራሉ፦ «ኩባያው እንዳልተነካ አይቼ ለነርሷ ነገርኳት። አስተርጓሚ በስልክ ጠራች። እናትየው እንድቆይ ስለጠየቁኝ ቆየሁ። ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ፣ ሐኪሟ ‹ምን በሉ?› ብላ ስትጠይቅ መልሱን ከአስተርጓሚው ቀድሜ ሰማሁት፤ መልሱ ለመድኃኒቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባኝ ሐኪሟ ስታስረዳ ነው። እኔ አላከምኳቸውም። በኋላ እንዴት እንደሆኑም አላውቅም።» አየሁ፣ ነገርኩ፣ ቆየሁ፣ ሰማሁ፤ የበጎ ፈቃደኛ ግሦች እነዚህ ናቸው። ጠራች፣ ጠየቀች፣ ወሰነች የሚሉት የነርሷና የሐኪሟ ናቸው፤ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ።

ታሪኩ ከጽሑፉ ሲሶውን ቢወስድ ይበቃዋል። አንድ ቅዳሜ ያየችው ነገር ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ካየች በኋላ ያደረገችው ነው ክብደት የሚሰጠው። ይህች አመልካች የ40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ወሰደች እንበል፤ ለብሔራዊ የምስክር ወረቀት ፈተና ለመቀመጥ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሰዓት ነው። ከዚያም በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ሥራውን ለማየት ጠይቃ እየሄደች ተከታተለች፤ ሐኪሙ እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ላይ እንዴት እንደሚወስን አስተዋለች። እዚህ ላይ ጽሑፉ አንድ ከባድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ለምን አስተርጓሚ ወይም ነርስ አልሆንም? ሰውን መርዳት መፈለግ ይህን አይመልስም፤ ነርሷም ረድታለች፣ አስተርጓሚውም ረድቷል። መልሱ መኖር ያለበት ልጅቷን የያዛት ነገር ውስጥ ነው። ሕመሙን መርምሮ መድኃኒቱን የመምረጥና ላስከተለው ነገር ተጠያቂ የመሆን ሥራ ከሆነ የሳባት፣ ያንኑ ትበል።

የእናትየው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የታካሚን መረጃ ይጠብቃል፤ በጎ ፈቃደኞችም ሥራ ሲጀምሩ ሥልጠና ይሰጣቸዋል። ስም መተው ግን በእኛ ማኅበረሰብ አይበቃም። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሐበሾች ይተዋወቃሉ፤ ዕድሜያቸው፣ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን፣ የመጡበት አገርና የልጆቻቸው ቁጥር አንድ ላይ ከተጻፈ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አይጠፋም። የስኳሩ ቁጥርም ሆነ የሆስፒታሉ ስም ለጽሑፉ የሚጨምሩት የለም። ጾሙ ግን ይቆይ፤ ያለ እሱ የሐኪሟ ውሳኔ አይገባም። ሲጻፍም እናትየው ባለማወቅ ራሳቸውን የጎዱ አሮጊት ሆነው እንዳይቀርቡ ያሰጋኛል። ምክንያት ነበራቸው፤ ሐኪሟ ስትጠይቃቸው ተናገሩት።

ተቃራኒው ስሕተትም ከእኛ ልጆች ዘንድ ብዙ ይታያል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለው ያደጉ ስለሆኑ፣ አንዳንዶቹ «እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር» ይላሉ። ይህም ትክክል አይደለም። ኩባያውን ማየቷና ቶሎ መናገሯ የእሷ ሥራ ነው፤ በመጠኑ ይጻፍ። እናትየው እጇን ይዘው እንድትቆይ መጠየቃቸውም እንዲሁ።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ይህ ጽሑፍ አይታረምም፤ አንዱ ጽሑፍ በአምካስ ለተመረጡት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይደርሳል። ከመላኩ በፊት በጎ ፈቃደኞችን ለምታስተባብረው ሰው፣ ቢቻልም በፈረቃው ላይ አብራት ለሠራች ነርስ ይነበብላቸው። የልጅቷን ሥራ አይተውታል፤ «ይህን እኮ አንቺ አላደረግሽውም» የሚሉት መስመር ካለ እሱን ማውጣት ነው። «ይህን ደግሞ ረስተሽዋል» ካሉም ይጨመር።