አንድ የትምህርት ዓመት ለሴትና ለወንድ ደመወዝ ስንት ይጨምራል?

የደመወዝ ሪግሬሽን የሠራተኞች ክፍያ ከትምህርታቸው፣ ከሥራ ልምዳቸውና ከጾታቸው ጋር ያለውን ዝምድና በአንድ ቀመር የሚለካ ስሌት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጃኮብ ሚንሰር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሥራ ከታወቀ ወዲህ በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ደመወዙ ራሱ ሳይሆን ሎጋሪዝሙ ነው። በዚህም የተነሣ በትምህርት ዓመታት ፊት የሚቆመው ቁጥር፣ ማለትም ኮኤፊሸንቱ፣ በግምት እንደ መቶኛ ይነበባል፤ 0.08 ከሆነ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ደመወዝን 8 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል ማለት ነው።

ጾታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ለሴት 1፣ ለወንድ 0 በሚል ምልክት ነው። ይህ ብቻውን ሲገባ ግን ስሌቱ ማንም ሳይመረምረው አንድ ነገር ይወስናል፦ ትምህርት ለሁለቱም እኩል ያስገኛል ብሎ። በሥዕል ቢታይ የወንዶቹና የሴቶቹ መስመሮች አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይቀራረቡም፣ አይራራቁምም። ይህን ግዴታ ለማንሣት የጾታው ምልክትና የትምህርቱ ዓመታት ተባዝተው እንደ ሌላ ተለዋዋጭ ይጨመራሉ። ይህ የመስተጋብር ተለዋዋጭ ይባላል፤ ለወንዶች ምንጊዜም ዜሮ ሲሆን ለሴቶች ከትምህርት ዓመታቸው ጋር እኩል ነው።

ጄፍሪ ዉልድሪጅ በኢኮኖሜትሪክስ መማሪያ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ከተመዘገቡ 526 አሜሪካውያን ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ የሠሩት ምሳሌ ነገሩን በደንብ ያሳያል። የሥራ ልምድና በአንድ ቀጣሪ ዘንድ የቆዩበት ዘመን በስሌቱ ውስጥ ተካተዋል፤ ዋናዎቹ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

```
log(wage) = 0.389 - 0.227 female + 0.082 educ
            - 0.0056 female*educ + ...
```

ለወንድ አንድ የትምህርት ዓመት 8.2 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለሴት የሚጨምረው ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ የሚገኘው ነው፤ 0.082 ላይ 0.0056 ሲቀነስ 7.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 0.0056ን የሴቶች የትምህርት ጥቅም አድርጎ ያነበዋል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው የሴቶች ጥቅም ከወንዶቹ በምን ያህል እንደሚለይ ብቻ ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት የሚሠራው 0.227 ላይ ነው። መስተጋብሩ ከመግባቱ በፊት የጾታው ኮኤፊሸንት 0.297 ሲቀነስ ነበር፤ የስሕተት መለኪያው፣ ማለትም ስታንዳርድ ኤረሩ፣ 0.036 ብቻ ስለነበረ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ሊባል አይችልም ነበር። መስተጋብሩ ሲጨመር ይኸው መለኪያ ወደ 0.168 ዘለለ፤ 0.227ም ከዜሮ በማያሻማ ሁኔታ የማይለይ ቁጥር ሆነ። ይህን አይቶ የጾታ ልዩነቱ ጠፋ ብሎ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው። በአዲሱ ቀመር ውስጥ 0.227 የሚለካው ምንም ባልተማሩ ወንዶችና ሴቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከተመዘገቡት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እምብዛም የለምና ስሌቱ እዚያ ቦታ ላይ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው ልዩነቱን ሰዎች ባሉበት ቦታ መለካት ነው። የእነዚህ ሠራተኞች አማካይ ትምህርት 12.5 ዓመት ገደማ ነው። 0.0056 በ12.5 ተባዝቶ 0.227 ላይ ሲታከል 0.297 ይሰጣል፤ የቀድሞው ልዩነት እንዳለ ነው። ከማባዛቱ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው የትምህርት ዓመታት 12.5 ቢቀነስ የጾታው ኮኤፊሸንት ይህንኑ ልዩነት በቀጥታ ያሳያል፤ የስሕተት መለኪያውም ወደ ትንሽነቱ ይመለሳል። የቀመሩ ግምት አንዳች አይለወጥም፤ የተለወጠው የሚለካበት ነጥብ ብቻ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ሎጋሪዝሙን እንደ መቶኛ ማንበብ ያሳስታል፤ 0.297 በትክክል ሲሰላ ሴቶቹ 25.7 በመቶ ያነሰ ይከፈላቸው እንደነበር ያሳያል።

መስተጋብሩ ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? የስሕተት መለኪያው 0.0131፣ ከቁጥሩ ከራሱ በእጥፍ የሚበልጥ ነው። በተለመደው የ95 በመቶ ወሰን የሴቶች ጥቅም ከወንዶቹ በ3.1 የመቶኛ ነጥብ ሊያንስ፣ በ2 ነጥብ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ትምህርት ለሴቶች ያነሰ ይከፍል ነበር የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ እኩል መሆኑም አልተረጋገጠም። ጾታ በደመወዝ ላይ ልዩነት አለው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱ የሚመለሰው የጾታው ኮኤፊሸንትና መስተጋብሩ አንድ ላይ ሲፈተኑ ነው። በዚህ ምሳሌ የጋራው ፈተና ልዩነት መኖሩን ያለ ጥርጥር አሳይቷል።

መስተጋብሩ ዜሮ ቢሆን እንኳ እኩልነቱ የመቶኛ ነው። በሰዓት 8 ዶላር የሚያገኝና 6 ዶላር የምታገኝ ሠራተኞች እኩል 8 በመቶ ቢጨመርላቸው ለእሱ 64፣ ለእሷ 48 ሳንቲም ይደርሳቸዋል፤ በመቶኛ ያልተለወጠው ልዩነት በገንዘብ ይሰፋል። ሌላው ገደብ ከስሌቱ ውጭ የቀሩት ሰዎች ናቸው። ደመወዝ የማያገኝ ሰው በመዝገቡ የለም፤ ጥቂት የተማሩ ሴቶች ከቤት ሲቀሩ፣ ሥራ ላይ የሚገኙት ደግሞ ከመሰሎቻቸው የተሻለ ክፍያ ያገኙት ብቻ ከሆኑ፣ ለሴቶች የሚታየው የትምህርት ጥቅም ከእውነተኛው ያንሳል። መስተጋብሩን አስተካክሎ ማንበብ ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ የሚሞላው ሥራ ላይ ስለሌሉት ሴቶች መረጃ ሲገኝ ነው።