ሮቶና ሶላር በላሊበላ ጣሪያ ላይ

የቤት ሬንደር ሲሠራ ጣሪያውን ባዶ መተው የተለመደ ነው። ባለቤቱ ሥዕሉን ወዶ ይፈርማል፤ ግንባታው ሲያልቅ ግን ሮቶው የግድ ይመጣል፤ ቧንቧ ሠራተኛውም በብረት ማማ ላይ ከሁሉም ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል። እባካችሁ፣ ቦታውን እናንተው አስቀድማችሁ ሳሉለት።

ላሊበላ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የታችኛው ሰፈር ጣሪያ ለላይኛው ሰፈር ፊት ለፊት ይታያል። ስለዚህ ዕቃን ከግንብ ጀርባ መደበቅ ከታች ለሚያይ እንጂ ከላይ ለሚያይ አይሠራም።

ትልቁ ስህተት የሶላሩ ዘንበል ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ሞዴል ብዙ ጊዜ ለአውሮፓ የተሠራ ስለሆነ 35 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ይቆማል። 1.7 ሜትር ርዝመት ያለው ፓነል እንደዚያ ሲቆም ጫፉ አንድ ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። ላሊበላ ግን ያለችው በ12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ነው፤ ፓነሉ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ይበቃዋል። ያኔ ከፍታው 35 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የቆርቆሮው ክዳን ራሱ ወደ ደቡብ በዚያው ልክ ካዘነበለ ደግሞ ማቆሚያ ብረትም አያስፈልግም። አየር እንዲያልፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ከክዳኑ ጋር ትይዩ ማንጠፍ ነው፤ የጣሪያው መስመር ሳይነካ ይቀራል።

ሮቶው ከፓነሉ በስተደቡብ እንዳይቀመጥ። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል፣ ከፓነሉ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ አንድ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በተከታታይ ከተያያዙ ፓነሎች አንዱ ጥላ ሲያርፍበት የሁሉም ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ሶፍትዌሩ ላይ የላሊበላን ቦታ ሞልታችሁ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላውን እዩ። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሚቆጥር ዲሴምበር 21፣ 9:00 እና 15:00 ብላችሁ ጻፉ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሮቶውን ከጣሪያ ማውረድ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ግፊቱን የሚሰጠው ደግሞ ማማው ሳይሆን ከፍታው ነው። አንድ የማውቀው ግቢ ከቤቱ ኋላ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እዚያ የድንጋይ መደብ ሠርተው ሮቶውን ቢያስቀምጡት፣ ፎቅ የሌለው ቤት ጣሪያ ላይ ቢሰቅሉት ከሚያገኙት ጋር የሚቀራረብ ግፊት ያገኛሉ፤ ሬንደሩም ላይ ቁጥቋጦ ይሸፍነዋል።

ሶላር ሂተር ግን እንዲህ አይታዘዝም። ፓምፕ የሌለው ዓይነት የሞቀው ውኃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በርሜሉ ከመስታወቱ በላይ መሆን አለበት። እሱን ከጣሪያው አናት ወደ ታች እያንሸራተቱ የበርሜሉ ጀርባ ከአናቱ በታች እስኪሆን ማውረድ ነው። ሞዴሉን በሙሉ ጥቁር፣ ሰማዩን ነጭ አድርጋችሁ ከታችኛው መንገድ ስታዩት አናቱ ላይ ጉብታ ከታየ ገና ይወርዳል።