ጉንጭን የሚያሳብጥ የጥርስ ሕመም ለነገ የማይባል ስለ መሆኑ

የጥርስ ሕመም ዐይነቱ ብዙ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ አለ፤ ጣፋጭ ነገር ሲበሉ የሚቆረጥም አለ፤ እነዚህ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ ጥቂት ጊዜ ይሰጣሉ። ከልብ ትርታ ጋራ እየመታ የሚጠዘጥዝ፥ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፥ በማግሥቱም ጉንጭን የሚያሳብጥ ሕመም ግን ጊዜ አይሰጥም። በዚህ ጽሕፈት የምንናገረው ስለዚሁ ስለ ኋለኛው ነው።

በጥርስ ውስጥ የደም ሥርና ሕመምን የሚያሰማ ጅማት ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ጥርሱ ሲቦረቦርና ጉድጓዱ እዚያ ሲደርስ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ገብተው ሥጋውን ያስቈጡታል። ሌላው የሰውነታችን ሥጋ ሲቈጣ ያብጣል፤ ይህ ግን በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ ስለ ሆነ የሚያብጥበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ ልብ ደም በገፋች ቍጥር ጅማቱ ይጨነቃል፤ መጠዝጠዙ ከዚህ የመጣ ነው። ሰው በተኛም ጊዜ ወደ ራስ የሚወጣው ደም ስለሚበረታ፥ ሕመሙ ሌሊት ይብሳል። በመጨረሻም ሥጋው ይሞትና ይበሰብሳል፤ መግሉም በሥሩ ጫፍ ወጥቶ በመንጋጋው ዐጥንት ውስጥ ይቋጠራል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ብዙ ሰው የሚያታልል ነው። ለምሳሌ ዕድሜው ወደ 40 ዓመት የሚሆን፥ ከከተማ ርቆ የሚሠራ አንድ የመዝገብ ቤት ሹም እናስብ። ሐሙስ ማታ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሱ ይጠዘጥዘው ጀመር። ዐርብ ቀኑን ሙሉ ጥርሱ ከጓደኞቹ ይልቅ የረዘመ መሰለው፤ እንጀራ እንኳ ሊያላምጥበት አልቻለም። ቅዳሜ ጧት ሲነሣ ሕመሙ ቀንሶለታል፤ ጉንጩ ግን አብጧል። እርሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተሻለኝ፤ እብጠቱም በራሱ ይጎድላል» ብሎ ጕዞውን ለማክሰኞ አሳደረው።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ሕመሙ የቀነሰው መግሉ ዐጥንቱን ሰብሮ ወደ ለስላሳው ሥጋ ስለ ወጣ፥ ጭንቀቱም ስለ ላላ ነው። በሽታው አልጠፋም፤ ከጠባብ እስር ቤት ወደ ሰፊ ሜዳ ወጣ እንጂ። ስለዚህ እብጠቱ እየጨመረ ሕመሙ የቀነሰ እንደ ሆነ፥ ይህን እንደ መዳን መቍጠር አይገባም።

መግሉ የሚሄድበትም መንገድ እንደ ጥርሱ ስፍራ ነው። የላይኛው ጥርስ መግል ወደ ጉንጭና ወደ ዓይን ሥር ይወጣል። የኋለኛው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ግን የምላስን ወለል ከሚይዘው ጡንቻ በታች ይደርሳልና፥ መግሉ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። በዚያም ሲስፋፋ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ የትንፋሽም መንገድ ይጠባል። ይህን ደዌ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓመት ቪልሄልም ፍሪድሪኽ ፎን ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ጽፎ ገልጦታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት ከዚህ ደዌ የተረፈው ሰው የታደለ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ለዘገየ ሰው አስጊ ነው።

የኛ ሹም እሑድ ማታ አፉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አልከፈት አለው፤ የአገጩም ሥር እንደ እንጨት ደረቀ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ደረሰ፤ ሐኪሞቹም አንገቱን ከውጭ ቀድደው መግሉን አወጡለት፤ ብዙ ቀንም ተኝቶ ታከመ። ዐርብ ቢሄድ ኖሮ ጥርሱን መንቀል ወይም ከፍቶ ማጽዳት ይበቃው ነበር።

እንግዲህ አፍ አልከፈት ሲል፥ ምራቅ መዋጥ ሲያቅት፥ ድምፅ ሲታፈን፥ ትንፋሽ ሲያጥር፥ እብጠቱ ወደ አንገት ሲወርድ ወይም ዓይንን ሲዘጋ፥ ብርቱ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለትም ሲመጣ፥ በዚያው ሰዓት፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም እንኳ፥ ጉንጭ ካበጠ በዚያው ቀን፥ ቢዘገይ በማግሥቱ የጥርስ ሐኪም ማየት ይገባል።

በአገራችን «እብጠቱ ሳይጎድል ጥርስ አይነካም» የሚል አሳብ ተስፋፍቷል፤ ይህ አሳብ ብዙ ሰው ጎድቷል። መፍትሔው መግሉን ማውጣትና የበሰበሰውን ማስወገድ ነው፤ ይኸውም ጥርሱን በመንቀል፥ ወይም ሥሩን አጽድቶ በመሙላት ይሆናል። በተቈጣ ስፍራ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም የሚባለው እውነት አለው፤ ነገር ግን ሐኪሙ መርፌውን ራቅ አድርጎ በጅማቱ መነሻ ሊወጋ ይችላል። አሞክሲሲሊንና ይህን የመሰለ መድኃኒት ብቻውን መዋጥም አያድንም፤ መድኃኒት በደም ይጓዛል፥ በሞተ ጥርስ ውስጥ ግን ደም አይዞርም። ትኵሳት ያለበት ወይም እብጠቱ የሚስፋፋበት ሰው ሐኪም ሲያዝለት በተጨማሪ ይወስደዋል፤ ከሌላ በሽታ የተረፈ ክኒን ግን ለዚህ አይሆንም።

እስከዚያው ሕመሙን ለማስታገስ፥ ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ሰው ከምግብ በኋላ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንና 1,000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል፥ ማለት ባለ 500ውን ሁለት ፍሬ፥ አንድ ላይ መውሰድ ይችላል። ሁለቱ በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚሠሩ፥ አንዱ ብቻውን ከሚያደርገው ይበልጣሉ። ምሽት በ1 ሰዓት የወሰደ ሌሊት በ9 ሰዓት፥ ቀጥሎም ረፋድ በ5 ሰዓት ይድገም፤ በቀን ከ3 ጊዜ አይለፍ። የጉንፋን መድኃኒት ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለበትና አብሮ አይወሰድም፤ ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ይጎዳል። የጨጓራ ቁስለት፥ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፥ አስፕሪን አስሙን የሚቀሰቅስበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፥ ነፍሰ ጡርም ሴት አይቡፕሮፌንን ይተዉ። ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ፓራሲታሞልን ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። ለልጅ መጠኑ በክብደቱ ይታሰባል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም።

ደግሞ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ መጕመጥመጥና መትፋት፥ ራስንም በሁለት ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። የቅርንፉድ ዘይት አንድ ጠብታ በጥጥ ነክሮ በተቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ማኖር ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል፤ ድድን ስለሚያቃጥል ግን ከጉድጓዱ ውጭ አይነካ።

አስፕሪን ወይም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በድድ ላይ ማኖር ድዱን ይልጠዋል፤ በሕመም ላይ ቁስል መጨመር ነው። አረቄ መያዝም እንደዚሁ። እብጠቱን በትኩስ ጨርቅ መተኰስ፥ በመርፌም መብጣት አይገባም። ጭስ ታጥኖ የጥርስ ትል ወጣ የሚባለውን በተመለከተ፥ በጥርስ ውስጥ ትል የለም፤ ጥርስን የሚበላው ረቂቅ ተሕዋስያን ከስኳር የሚሠሩት ኮምጣጣ ነገር ነው።

ማስታገሻው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ትኵሳቱንም ይደብቃልና፥ የወሰዱትን ስም፥ መጠንና ሰዓት በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል፤ እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረና እስከ የት እንደ ደረሰም አብሮ ይጻፍ።