ካፓሲተር በስንት ሰከንድ ይሞላል?

አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ባለ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር እና አንድ ዲጂታል ቴስተር እንያዝ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከሬዚስተሩ ጋር፣ ሬዚስተሩ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ እግር ጋር፣ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ እግር ደግሞ ተመልሶ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ካፓሲተሩ ላይ አሳርፈን ሰዓት እያየን ቁጥሩን እንከታተል።

ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ በፍጥነት ይወጣል። ሰባት ሰከንድ ሳይሞላ ገና መንገዱን አጋምሶ 4.5 ቮልት ላይ ይደርሳል። ቀሪውን ግማሽም በሌላ ሰባት ሰከንድ ይጨርሰዋል ብሎ የጠበቀ ሰው ይገረማል፤ በአሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ የሚነበበው 6.75 ቮልት ብቻ ነውና። ቆየት ብሎ ከ8 ቮልት ወደ 8.5 ለመውጣት ብቻ እንደገና ሰባት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መጀመሪያ አራት ቮልት ተኩል ባስገኘለት ጊዜ አሁን የሚያገኘው ግማሽ ቮልት ነው። ካፓሲተሩም ሬዚስተሩም ባትሪውም አልተለወጡም። ታዲያ ያዘገመው ምንድን ነው?

መልሱ ያለው ሬዚስተሩ ላይ ነው። በሬዚስተር ውስጥ የሚያልፈው ከረንት የሚወሰነው በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ባለው የቮልቴጅ ልዩነት ነው። እዚህ አንዱ ጫፍ ባትሪው ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ 9 ቮልት ነው፤ ሌላው ጫፍ ካፓሲተሩ ላይ ስለሆነ ካፓሲተሩ በደረሰበት ልክ አብሮ ይወጣል። ካፓሲተሩ በተሞላ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል፣ ልዩነቱ ሲጠብ ከረንቱ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ሲቀንስ ሙሊቱ ይዘገያል። ሬዚስተሩን የሚነዳው ካፓሲተሩ እስካሁን ያገኘው ሳይሆን ገና የቀረው ነው። የዚህ ሰርኪዩት ጠባይ በሙሉ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል።

ይህን በእጅ ማስላት ይቻላል፤ ማስላቱም ነገሩን ከማንኛውም ቀመር በተሻለ ያሳያል። ባትሪው በተገናኘበት ቅጽበት ካፓሲተሩ ባዶ ስለሆነ 9 ቮልቱ በሙሉ ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። ዘጠኝን ለ100,000 ኦም ስናካፍል 90 ማይክሮ አምፔር እናገኛለን። ይህ ከረንት ለአንድ ሰከንድ ሲፈስ 90 ማይክሮ ኩሎም ሙል ያደርሳል። ባለ 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ደግሞ በየ100 ማይክሮ ኩሎሙ አንድ ቮልት ስለሚጨምር፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 0.9 ቮልት ይወጣል። አሁን የቀረው 8.1 ቮልት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሰከንድ ከረንቱ 81 ማይክሮ አምፔር፣ ጭማሪው 0.81 ቮልት ይሆናል። በሦስተኛው ሰከንድ የቀረው 7.29፣ ጭማሪው 0.729 ነው። በየሰከንዱ ከቀረው ላይ አንድ አሥረኛው ይነሳል። በዚህ አካሄድ አሥረኛው ሰከንድ ሲያልቅ ካፓሲተሩ 5.86 ቮልት ላይ ይገኛል።

ስሌቱ ግን ትንሽ ተጋንኗል። ከረንቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንደማይለወጥ አድርገን ነው ያሰላነው፤ በእውነቱ ግን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ እየቀነሰ ነው። ሰከንዱን አሥር ቦታ ከፍለን በየአንድ አሥረኛ ሰከንዱ ብናሰላ በአሥረኛው ሰከንድ 5.71 ቮልት እናገኛለን። እርምጃውን ይበልጥ እያሳነስን ስንሄድ መልሱ ዝቅ እያለ 5.69 ላይ ይቆማል። ይህም የ9 ቮልት 63.2 በመቶ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ላይ ያለው ቀመር የዚህ ስሌት የመጨረሻ መልክ ነው፦

v = V(1 − e^(−t/RC))

እዚህ ላይ V የባትሪው ቮልቴጅ፣ v ካፓሲተሩ በጊዜ t የደረሰበት ነው። ብዙ ተማሪ የሚፈራው e ወደ 2.718 የሚጠጋ ቁጥር ሲሆን፣ እኛ ሰከንዱን እየከፋፈልን ስንሄድ ራሱ የሚወጣ ነው። ከሰማይ የወረደ ነገር የለበትም።

ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ሲባዙ የሚገኘው RC የጊዜ ቋሚ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም በግሪኩ ፊደል በታው ይጻፋል። በእኛ ሰርኪዩት 100,000 ኦም በ0.0001 ፋራድ ሲባዛ 10 ሰከንድ ይሰጣል። ኦምና ፋራድ ተባዝተው ሰከንድ መሆናቸው እንግዳ ይመስላል፤ ግን ኦም ማለት ቮልት ለአምፔር፣ ፋራድ ማለት አምፔር በሰከንድ ተባዝቶ ለቮልት ስለሆነ፣ ቮልቱም አምፔሩም ተጣፍተው ሰከንድ ብቻ ይቀራል። ቁጥሩ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካፓሲተሩ መጀመሪያ በተነሳበት ፍጥነት ሳይዘገይ ቢቀጥል ኖሮ በአሥር ሰከንድ ይሞላ ነበር። ሁለተኛ፣ እየዘገየ ስለሚሄድ በአሥር ሰከንድ የሚደርሰው 63.2 በመቶ ላይ ነው። በሃያ ሰከንድ 7.78፣ በሠላሳ 8.55፣ በሃምሳ ደግሞ 8.94 ቮልት ይደርሳል። ቴክኒሻኖች አምስት የጊዜ ቋሚ ካለፈ ካፓሲተሩ ሞልቷል የሚሉት ለዚህ ነው፤ የቀረው ከአንድ በመቶ በታች ነው።

በጊዜ ቋሚው ውስጥ የባትሪው ቮልቴጅ የለበትም። ባለ 9 ቮልቱን አንስተን ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች በተከታታይ ብናደርግ፣ በአሥረኛው ሰከንድ የምናነበው 1.9 ቮልት ነው፤ ይኸም ከ3 ቮልት 63.2 በመቶ ነው። ትልቁ ባትሪ ብዙ ከረንት ይገፋል፣ የሚያስወጣው ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል።

አሁን ወደ ቴስተሩ እንመለስ፤ ሙከራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። ቴስተርም ከረንት ይስባል። ብዙ ዲጂታል ቴስተሮች ቮልት ሲለኩ እንደ 10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ሆነው ካፓሲተሩ ጎን ይቆማሉ። በእኛ ሰርኪዩት ንባቡ 9 ሳይደርስ 8.91 ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ጉዳት የለውም። ባለ ቀስት አናሎግ ቴስተር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በቮልት 20,000 ኦም የተጻፈበት ቴስተር በ10 ቮልት መደቡ ላይ 200 ኪሎ ኦም ብቻ ነው። ባትሪው 9 ቮልት ሲሰጥ ቀስቱ 6 ቮልት ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል፤ የጊዜ ቋሚውም ከአሥር ሰከንድ ወደ 6.7 ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ደህናውን ካፓሲተር አውጥቶ ሊጥለው ይችላል። ከመፍረድ በፊት የቴስተሩን ኦም ማወቅ ያስፈልጋል።

ቴስተሩ ዲጂታል ከሆነና ካፓሲተሩ በትክክል ከተጠረጠረ ግን ይኸው ሙከራ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ መድረቅ ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት እየተነነ ሲሄድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ካፓሲተር እስከ መጨረሻው ቮልቴጅ ይወጣል፣ የሚወጣው ግን ቶሎ ነው። 63.2 በመቶ ላይ በአሥር ፋንታ በስድስት ሰከንድ ከደረሰ፣ ሰውነቱ ላይ 100 ቢጻፍም የቀረው 60 ማይክሮ ፋራድ ነው። ሁለተኛው ማፍሰስ ነው። ይህኛው መጨረሻ ድረስ አይወጣም። ለምሳሌ ምንም ያህል ብንጠብቅ 7.2 ቮልት ላይ ከቆመ፣ ሬዚስተሩ ላይ 1.8 ቮልት ቀርቷል፤ ስለዚህ 18 ማይክሮ አምፔር ያለማቋረጥ እየፈሰሰ ነው፤ ቴስተሩ ከዚህ የሚወስደው አንድ ማይክሮ አምፔር እንኳ አይሞላም። ቮልቴጁ የሚቆምበትን ቦታ ሳያዩ ሰዓት ብቻ መያዝ ሁለቱን ብልሽቶች ያቀላቅላል፤ የሚያፈስም የጊዜ ቋሚው ያጥራልና።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከፋብሪካ ሲወጣም ከተጻፈበት እስከ 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ከ8 እስከ 12 ሰከንድ ያለው ውጤት ብልሽት አይደለም። ደግሞም ሙከራውን ለመድገም ካፓሲተሩን በአንድ ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ ማራገፍ ይገባል። ለቅጽበት ብቻ ተነካክቶ ከተለቀቀ በማግለያው ውስጥ ተይዞ የቆየ ሙል ቮልቴጁን መልሶ ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ሁለተኛው ልኬት ከዜሮ አይነሳም።

ጊዜን በካፓሲተር የመለካት ሐሳብ በብዛት የተሰራጨው 555 በሚባለው አይሲ ነው። ሲግኔቲክስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነደፈው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ካመንዚንድ ሲሆን፣ ገበያ የዋለው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። አይሲው በውስጡ ሦስት እኩል ሬዚስተሮች አሉት፤ ካፓሲተሩ ከመጋቢው ቮልቴጅ ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ ቆጠራውን ያቆማል። ባዶ ካፓሲተር ሁለት ሦስተኛ ለመድረስ 1.1 የጊዜ ቋሚ ይፈጅበታል፤ በእኛ ዕቃዎች 11 ሰከንድ መሆኑ ነው። መለኪያው ሁለት ሦስተኛ እንጂ የተወሰነ ቮልት ስላልሆነ፣ ባትሪው ቢደክምም ጊዜው ብዙም አይዛባም።

በዚሁ አይሲ ረጅም ጊዜ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ሬዚስተሩን ያሳድጋል። 1 ሜጋ ኦም ቢያደርገው 110 ሰከንድ ያገኛል፤ ግን ካፓሲተሩ 6 ቮልት ላይ ሲደርስ በሬዚስተሩ የሚመጣው ከረንት 3 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። ካፓሲተሩ ራሱ ከዚያ በላይ የሚያፈስ ከሆነ ቮልቴጁ 6 አይደርስም፣ አይሲው የሚያበራው ሪሌም እንደበራ ይቀራል። ይህ ሲያጋጥምህ አይሲውን ከመቀየርህ በፊት ሬዚስተሩን ወደ 100 ኪሎ ኦም አውርደህ ሞክር፤ በ11 ሰከንድ ገደማ ከጠፋ አይሲው ደህና ነው፣ መቀየር ያለበት ካፓሲተሩ ነው።