በተበጠሰ ጅማት ሁለት ውርወራ

እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2019፣ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። የጎልደን ስቴት ዋሪየርሱ ክሌይ ቶምሰን 28 ነጥብ አስቆጥሯል። ኳሷን ከቀለበቱ ውስጥ ለመክተት ወደ ላይ ሲዘል የቶሮንቶው ዳኒ ግሪን አየር ላይ ነካው። ጉልበቱን የመታው ሰው የለም። ሚዛኑን ስቶ ሙሉ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ አረፈ፤ ጉልበቱም ከዳው።

ጉልበቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሰዎች ደግፈውት ወደ መልበሻ ክፍል እየሄደ ሳለ ደንቡ ተነገረው፦ ነጻ ውርወራውን ራሱ ካልወረወረ ወደ ጨዋታው መመለስ አይችልም። ዞሮ መጣ። ሁለቱንም አስገባ፤ ከዚያም ለመከላከል ሮጦ ተመለሰ። ከአዳራሹ የወጣው ግን በክራንች ነበር። የግራ ጉልበቱ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ስፖርተኞች በአጭሩ ኤሲኤል የሚሉት፣ ተበጥሶ ነበር።

ጅማቱ የተበጠሰ ሰው እንዴት ሮጠ? መልሱ ጅማቱ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት ጉልበት ላይ የሚገናኙት አንዱ በሌላው ላይ ተቀምጦ እንጂ ተቆላልፈው አይደለም። አጣብቀው የሚይዟቸው ጅማቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ በመገጣጠሚያው መሐል ተሻግረው መስቀል ይሠራሉ። የፊተኛው ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ ይይዛል። ቀጥ ብሎ ለመራመድ ብዙም አያስፈልግም። የሚፈለገው ድንገት ሲቆሙ፣ ሲዞሩና ከዝላይ ሲያርፉ ነው።

የሚበጠሰውም በዚያው ሰዓት ነው። ከአሥር ጉዳቶች ሰባቱ ገደማ የሚደርሱት ጉልበቱን ማንም ሳይመታው ነው። ተመራማሪዎች የጉዳት ቪዲዮዎችን ምስል በምስል ሲያዩ የሚያገኙት ተመሳሳይ አቋም ነው። ተጫዋቹ ተከላካይ ለማለፍ እግሩን ወደ ጎን አርቆ ይተክላል፤ ወይም በአንድ እግሩ ያርፋል። ጫማው ከመሬቱ ጋር ተጣብቋል፣ ጉልበቱ ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም፣ ደረቱ ወደ ጎን አዘንብሏል። ከዚያ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ሰውነቱን ለማቆም የጭኑ የፊት ጡንቻ በኃይል ይኮማተራል፤ ጉልበቱ ቀጥ ባለበት ሰዓት ግን ይህ ጡንቻ የሚጎትተው ቅልጥሙን ወደ ፊት ነው። ወደ ኋላ ሊመልሰው የሚገባው የጭን የኋላ ጡንቻ በዚህ ማዕዘን አቅሙ ደካማ ነው። ሸክሙ ሁሉ በዚያች ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል።

እግር መሬት ከነካ በኋላ ጅማቱ እስኪበጠስ የሚፈጀው ጊዜ ከሰኮንድ አንድ ሃያኛ አይበልጥም። ሰው አደጋ አይቶ ጡንቻውን እስኪያዝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ መሬት ከነካ በኋላ ራሱን ማዳን አይችልም፤ ነገሩ የሚወሰነው ገና አየር ላይ እያለ እግሩን ባዘጋጀበት መንገድ ነው። ጉልበትን አጥፎ፣ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ ማረፍን የሚያለማምዱ ማሟሟቂያዎች ጉዳቱን የሚቀንሱትም ለዚህ ነው።

ብዙዎች በዚያች ቅጽበት «ቷ» የሚል ድምፅ መስማታቸውን ይናገራሉ። ጉልበቱ ውስጥ ደም ስለሚፈስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል። አሳሳቹ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ እብጠቱና ሕመሙ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ፣ ሰውየው ደህና ይራመዳል፣ ዳንኩ ብሎ ሜዳ ይገባል። አንድ ቀን ሲዞር ጉልበቱ ከሥሩ ይከዳዋል። በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ክዳት በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ሜኒስከስ ሊቀደድ ይችላል፤ ይህ ጉዳት ከጅማቱ ይልቅ ለእርጅና ዘመን የሚተርፍ ነው። በኢትዮጵያ ሜዳዎች ለተጎዳ ተጫዋች መጀመሪያ የሚደርስለት ወጌሻ ነው፤ ነገር ግን የተበጠሰን ጅማት ማሸት አይቀጥለውም፣ ያበጠን ጉልበት መጎተትም ይጎዳዋል።

ሐኪም የሚያውቅበት መንገድ ቀላል ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ጭኑን አጥብቆ ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤናማው ጉልበት የታሰረ ገመድ ጫፉ ላይ እንደሚደርስ ድንገት ይቆማል። የተበጠሰው ዝም ብሎ ይመጣል። ኤምአርአይ ይህንን ያረጋግጣል፣ ሜኒስከሱንም ያሳያል።

ጫፎቹ እንደ ተበጠሰ ገመድ ስለሚበታተኑ ብዙውን ጊዜ ጅማቱ አይሰፋም፤ በሌላ ይተካል። ቀዶ ሐኪሙ ከራሱ ከታማሚው፣ ከጉልበት ሎሚ ሥር ወይም ከጭን የኋላ ጡንቻ፣ ጅማት ይወስዳል። በሁለቱ አጥንቶች ውስጥ ቀዳዳ አብጅቶ ያሳልፈውና ያስረዋል። ቀዶ ጥገና ግን ለሁሉም ግዴታ አይደለም። በስዊድን 121 ወጣቶች ላይ በተደረገ ጥናት በፊዚዮቴራፒ ብቻ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ቀዶ ጥገና ሳይደረግላቸው ቆይተዋል። እየዘለለና እየታጠፈ መጫወት የሚፈልግ ስፖርተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገናውን ይመርጣል።

ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይጀምራል፤ አጀማመሩ ደግሞ ትንሽ ነው። ተረከዙን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሳርፎ፣ ጉልበቱን ወደ አልጋው ተጭኖ ቀጥ ማድረግ፣ የጭኑን ጡንቻ ማጥበቅ፣ መልቀቅ። ቀላል ይመስላል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን ጭኑ አልታዘዝም ይላል፣ በዓይን እየታየም ይከሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ በኋላ ማነከስ ሊቀር ይችላል።

ትልቁ ወጥመድ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ላይ ነው። የተተከለው ጅማት ከቦታው ሲነሣ የደም ሥሩ ተቋርጧል፤ ሰውነት አዲስ የደም ሥር አብቅሎ እንደገና እስኪሠራው ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይደክማል። በዚያው ሰሞን እብጠቱ ጠፍቶ ሰውየው ጤነኛ ነኝ ይላል። ሩጫ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር፣ ዝላይና መታጠፍ ከዚያ በኋላ የሚፈቀደው ለዚህ ነው።

መቼ ሜዳ ይገባ? የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች 106 ታካሚዎችን ተከታትለው ነበር። ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም ጉዳት በግማሽ ያህል ቀንሷል። የጡንቻ ጥንካሬና የአንድ እግር ዝላይ ፈተናዎችን ሳያልፉ ከተመለሱት 38 በመቶው ዳግም ሲጎዱ፣ ካለፉት ግን 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ፈተናው ግልጽ ነው፦ የተጎዳው እግር የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ ያህል መግፋትና መዝለል አለበት።

የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ በሴፕቴምበር 2024 ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ተጎዳ፤ በቀጣዩ ወር ባሎንዶርን በክራንች ተደግፎ ተቀበለ፣ ወደ ሜዳ የተመለሰው በሜይ 2025 ነው። ቶምሰንን ግን ሌላ መከራ ጠበቀው። ጉልበቱ ካገገመ በኋላ በኖቬምበር 2020 ልምምድ ላይ የቀኝ እግሩ የአኪሊስ ጅማት ተበጠሰ። ወደ ጨዋታ የተመለሰው በጃንዋሪ 9 ቀን 2022፣ ከ941 ቀናት በኋላ ነው። በዚያ ምሽት 17 ነጥብ አስቆጠረ። ከእነዚህ አንዱን ያገባው በተከላካዮች መሐል ዘልቆ፣ ኳሷን በእጁ ከቀለበቱ ውስጥ በመክተት ነበር። አርፎም ሮጦ ወደ መከላከል ተመለሰ።