ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወርዷል፤ ግን በበቂ ወርዷልን?

የደም ቅዳ ጋዝ ውጤት ስናነብ ከየቁጥሩ አጠገብ የሚታተመው የጤናማ ሰው ልክ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል በአንድ ሕመምተኛ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ በአንድ የሌሊት ተረኝነት፣ ኢንሱሊን መውሰድ ካቆመ 3 ቀን የሆነው ወጣት መጣ። ማሽኑ ያወጣው ወረቀት pH 7.07፣ PaCO2 32፣ HCO3 9 ይል ነበር። እንደተማርኩት ከ pH ጀመርኩ፤ ከ7.35 በታች ስለሆነ ደሙ አሲዳማ ነው። ምንጩ ሳንባ ቢሆን ኖሮ PaCO2 ከ45 በላይ ይወጣ ነበር። የወረደው ግን ከ22 እስከ 26 መሆን የነበረበት ባይካርቦኔት ነው፤ ከኪቶን የሚመጣው አሲድ ጨርሶታል። ስለዚህ «ሜታቦሊክ አሲዶሲስ» አልሁ። PaCO2ም ከ35 በታች ነውና «ሳንባው እያካካሰ ነው» ብዬ ጻፍሁ።

ስሕተቴ ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውረዱን ብቻ ሳይሆን የሚገባውን ያህል መውረዱን ነው። በሜታቦሊክ አሲዶሲስ የሚጠበቀውን የምናሰላው እንዲህ ነው፦

```
PaCO2 = 1.5 × HCO3 + 8 (± 2)
```

ባይካርቦኔቱ 9 ሲሆን ውጤቱ 21.5 ይሆናል። የወጣቱ ግን 32 ነው። ከጤናማ ሰው አንጻር ዝቅተኛ የሆነው ቁጥር ለእርሱ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ ማለትም በሜታቦሊኩ ላይ የመተንፈሻ አሲዶሲስ ተደርቦበታል። ሳንባው በአግባቡ ቢያካክስ ኖሮ pH 7.25 አካባቢ በሆነ ነበር። (አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ የጤናማ ሰው PaCO2 ራሱ ከባሕር ጠለል ዝቅ ስለሚል፣ 32ን አይቶ መጽናናት ይበልጥ አደገኛ ነው።)

ነገሩን ያስተዋለችው ነርሷ ነበረች። «ዶክተር፣ ሲገባ በጥልቀት ይተነፍስ ነበር፤ አሁን ግን ትንፋሹ አጥሯል» አለችኝ። ደረቱን ደግሜ ሳዳምጥ የሳንባ ምች ምልክት አገኘሁ፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ዝለዋል።

ቁጥሩ ከሚጠበቀው በታች ቢሆን ኖሮ ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ የመተንፈሻ አልካሎሲስ ተደርቧል ማለት ነውና የደም ኢንፌክሽንን ወይም የአስፒሪን መመረዝን እንጠረጥራለን። ቀመሩ ግን አሲዶሲሱ ገና በጀመረባቸው ሰዓታት አይታመንም፤ ማካካሻው እስኪሟላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ወጣቱ በመተንፈሻ ማሽን መረዳት ነበረበት። እዚህም ያው ወጥመድ ይጠብቀናል። ማሽኑን PaCO2 «ጤናማ» 40 እንዲሆን ብናስተካክለው፣ ባይካርቦኔቱ 9 እንዳለ pH ወደ 6.98 ይወርዳል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ኢንሱሊኑና ፈሳሹ ባይካርቦኔቱን እስኪመልሱ ድረስ፣ ማሽኑ ሕመምተኛው ሊተነፍስ ይገባው በነበረው ፍጥነትና ጥልቀት እንዲተነፍስለት አደረግን፤ በየጊዜውም ደሙን እየቀዳን የሚጠበቀውን PaCO2 እንደገና አሰላን።