በናንዲዎች ዘንድ ሚስት የምታገባ ሴት

በምዕራብ ኬንያ ደጋ የሚኖሩት ናንዲዎች ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ናቸው። በወጋቸው አንድ ወንድ ብዙ ሚስቶች ቢኖሩት እያንዳንዷ የየራሷ ቤት አላት። ለቤቷ የተመደበውን ከብትና መሬት የሚወርሱትም እሷ የወለደቻቸው ወንዶች ልጆች ናቸው። ታዲያ ወንድ ልጅ ሳትወልድ ዕድሜዋ የገፋ ሴትስ? የደከመችበት ሀብት ለጣውንቷ ልጆች ወይም ለባሏ ወንድሞች ሊያልፍ ነው።

መላው ሚስት ማግባት ነው። ሴትዮዋ ከብት ጥሎሽ ሰጥታ፣ እንደማንኛውም ወንድ በደንቡ ወጣት ሴት ታገባለች። ሙሽራዋ ከወንድ ትወልዳለች፤ አስወላጁ ግን በልጆቹ ላይ ምንም መብት የለውም። ልጆቹ የሴት ባሏ ናቸው፣ ወራሾቿም እነሱ ናቸው። ባልና ሚስቱ አልጋ አይጋሩም። ባል የሆነችው ሴት ከወንድ ጋር መተኛትም ማቆም አለባት፤ ብታረግዝ የውርሱ ነገር ይዘበራረቃልና።

ናንዲዎች ይህችን ሴት የሚቆጥሯት እንደ ወንድ ነው። በ1970ዎቹ አብራቸው የኖረችው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ረጂን ስሚዝ ኦቦለር ይህን ደጋግማ ሰምታለች። የዕለት ኑሯቸውን ስትከታተል ግን ሌላም ነገር አየች። በጋብቻና በውርስ ጉዳይ ሴት ባሎች ወንድነታቸው አያጠያይቅም፤ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ሸንጎ ግን እምብዛም አይታዩም። ወንድነቱ የሚጠብቀው ከሁሉም በላይ ንብረት በሚተላለፍበት ቦታ ነው። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስላል፤ ናንዲዎች ወንድ የሚሉት በአካል ብቻ ሳይሆን በተሸከመው ኃላፊነትም የሚታወቅ ነው።

ተመሳሳይ ችግር የሰሜን አልባኒያን ተራሮች ወደ ሌላ መንገድ መራቸው። እዚያ ወንድ ያጣ ቤተሰብ ውስጥ ያለች ልጅ ላታገባ በሽማግሌዎች ፊት ትምል ነበር። ከዚያ በኋላ ፀጉሯን ትቆረጥ፣ የወንድ ልብስ ትለብስ፣ መሣሪያ ትይዝ፣ የቤቱም አባወራ ትሆን ነበር። የናንዲዋ ሴት ወንድ የምትሆነው በማግባት ነው፤ የአልባኒያዋ ባለማግባት።

የናንዲ ጋብቻ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሞምባሳ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የውርስ ክርክር ቀርቦለት ነበር። ሟቿ በናንዲ ወግ ሚስት አግብታ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ጋብቻውን ተቀብሎ ሚስቲቱና ልጆቿ የሟቿ ቤተሰብ መሆናቸውን አጸደቀ። በዚያው አገር በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ወሲብን ይከለክላል። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2019 ክልከላውን አልሽርም ብሏል።

ሁለቱ ውሳኔዎች ለናንዲ ሽማግሌ አይጋጩበትም። አንዱ ስለ ወሲብ፣ ሌላው ስለ ወራሽ ነው፤ በእሱ ዓይን ደግሞ ያገቡት ባልና ሚስት እንጂ ሁለት ሴቶች አይደሉም።